ስክሪኑ የተሰነጠቀው ላፕቶፕ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር? ከፍኖተ ሰላም የመጣ አንድ ጉዳይ

የአክስቴ ልጅ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ቀን ተቀጥራ ትሠራለች። ማታ ደግሞ የጥቂት ነጋዴዎችን ሒሳብ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ትይዛለች። ይሄ ሁሉ የሚሠራው በአንድ ላፕቶፕ ነው። ሰኔ 2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የላፕቶፑ ስክሪን ተሰነጠቀ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ ሲገባ ነጋዴዎቹ የግብር ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከዚህ የባሰ ጊዜ አልነበረም።

እኔ ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ደውላ እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ያለው ልጅ ስክሪኑ 7,500 ብር ነው አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ ለአሮጌ ዕቃ ብር ከምታፈሺ ትንሽ ጨምረሽ አዲስ ግዢ ይላል። የቱን ልስማ?»

ላፕቶፑን አውቀዋለሁ። 15.6 ኢንች የሆነ፣ ገላው ፕላስቲክ የሆነ የቤት ላፕቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ ሰባተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው፤ ሲስተሙ ውስጥ `i5-7200U` ተብሎ ይነበባል። 8 ጊጋባይት ራም፣ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክና ዊንዶውስ 10 አለው። ያን ያህል የሚናቅ አይደለም፤ ወጣት ነው ለማለትም አይቻልም። እንዲህ ያለው መካከለኛ ዕቃ ነው ሰውን የሚያወላውለው። በጣም አሮጌ ቢሆን ማንም አያመነታም፤ አዲስ ቢሆንም እንዲሁ።

መልስ አልሰጠኋትም። 7,500 ብር የስክሪኑ ዋጋ ነው እንጂ የጥገናው ዋጋ መሆኑ ገና አልታወቀም። ስክሪኑ ለምን ተሰበረ? ከስክሪኑ ሌላስ ምን እያለቀ ነው? እነዚህ ሳይታወቁ የሚደረግ ሒሳብ ሁሉ ግምት ነው።

መጀመሪያ ቴሌቪዥን ላይ

ላፕቶፑን ይዛ እስክትመጣ በስልክ ሁለት ነገር አሠራኋት። የኤችዲኤምአይ ገመድ ተበድራ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር አገናኘችው። የዊንዶውስ ቁልፍና `P` አንድ ላይ ሲጫኑ የስክሪን ምርጫ ይመጣል። በተሰበረ ስክሪን ላይ ምርጫው አይታይም፤ ስለዚህ በደፈናው `P` ን አንድ ጊዜ ደግሞ መጫን፣ ካልሆነ በታች ቀስት ወርዶ ኤንተር ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

ይሄ ቀላል ፈተና ብዙ ይናገራል። ቴሌቪዥኑም ላይ መስመር ቢወጣ ወይም ምስሉ ቢቆራረጥ ችግሩ ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ያን ጊዜ ስክሪን መግዛት ብር መጣል ነው። ጥርት ብሎ ከወጣ ግን ጉዳቱ ከማዘርቦርዱ ወዲህ፣ ክዳኑ ውስጥ ነው ማለት ነው። ወይ ስክሪኑ ነው ወይ ስክሪኑን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ገመድ። ክዳኑን ቀስ እያሉ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ምስሉ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ገመዱን ጠርጥሩ፤ ገመድ ከስክሪን በብዙ ይረክሳል። የእሷ ግን ጥቁር ቀለም እንደፈሰሰበት ሆኖ ቆሟል፤ ክዳኑ ቢነቃነቅም አይለወጥም። ስክሪኑ ነው።

ሁለተኛው ነገር መረጃውን ማውጣት ነበር። ቴሌቪዥኑን እያየች ፒችትሪን ከፈተች። ከ`File` ውስጥ `Back Up` ብላ የእያንዳንዱን ድርጅት ፋይል ፍላሽ ላይ አስቀመጠች። በ`.ptb` የሚያልቁ ፋይሎች ናቸው። ጠጋኝ ጋ ከመሄዱ በፊት ይሄ መደረግ አለበት። ስክሪን ብቻ ነው የሚነካው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ሲፈታ ሌላ ነገር ሊነካ ይችላል።

ለነገሩ እዚሁ ላይ ሦስተኛ መንገድም ነበር። ያገለገለ ሞኒተር ገዝቶ ላፕቶፑን እንደ ዴስክቶፕ መጠቀም ይቻላል። ሞኒተር ከላፕቶፕ ስክሪን እምብዛም አይወደድም፤ ለዓይንም ይሻላል። አንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ይሄን ሳላስብ አላልፍም። እሷ ግን ላፕቶፑን ይዛ ነጋዴዎቹ ሱቅ ድረስ ትሄዳለች። ስለዚህ ተውነው።

ስንጥቁ ከየት ጀመረ?

ቅዳሜ ዕለት ይዛው መጣች። «ምንም አልነካውም፣ ስከፍተው ተሰብሮ አገኘሁት» አለችኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ እኔም ብዙ ጊዜ አላምንም። የእሷ ግን እውነት ነበር።

የላፕቶፕ ስክሪን ሁለት ስስ መስታወቶች ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው፤ በመካከላቸው ፈሳሽ ክሪስታል አለ። ሲሰነጠቅ ያ ፈሳሽ ይረበሽና ጥቁር ቀለም የፈሰሰ ያስመስለዋል። ላዩን በእጅ ሲዳብሱት ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ የተሰበረው ከውስጥ ነው። ስንጥቁን ለማንበብ ላፕቶፑን አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ ከጎን አበራሁበት።

ስክሪኑ ላይ ነገር አርፎበት ከተሰበረ ስንጥቁ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እንደ ኮከብ ይበተናል። እስክሪብቶ፣ የጆሮ ማዳመጫ ወይም ፍላሽ ኪቦርዱ ላይ ተረስቶ ክዳኑ ሲዘጋ የሚሆነው እንዲያ ነው። የእሷ ስንጥቅ ግን ከግራ ታችኛው ጥግ፣ ልክ ከማጠፊያው በላይ ተነሥቶ ወደ መሃል ሰያፍ ወጥቷል። የኮከብ ነጥብ የለም። እንዲህ ሲሆን ስክሪኑን ትቼ ማጠፊያውን አያለሁ።

ክዳኑን በዝግታ ከፈትኩት። በግራ በኩል የፕላስቲኩ መጋጠሚያ የጥፍር ያህል ከፈት አለ። ቀጭ የሚል ድምፅም አለው። ምን ሆኖ ነው? ማጠፊያው፣ እኛ ሂንጅ የምንለው፣ በብሎን የሚታሰረው ፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበሩ ትናንሽ የነሐስ ዳዶዎች ላይ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ማጠፊያው ይጠነክራል፤ እንደ ድሮው በቀላሉ አይዞርም። ሰው ክዳኑን ሲከፍት የሚሰጠው ጉልበት ማጠፊያውን ማዞር ሲያቅተው ወደ ፕላስቲኩ ይዞራል። ዳዶዎቹ ከነ ፕላስቲካቸው ይነቀላሉ። ከዚያ በኋላ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ጥጉ ይጣመማል፤ የሚጣመመው ግን ፕላስቲክ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ስስ መስታወት አለ።

እንግዲህ ያ 7,500 ብር የተባለው ስክሪን እንዲሁ ቢገባበት ምን ይሆን ነበር? ለጥቂት ወራት ይሠራል። ከዚያ በዚያው ጥግ እንደገና ይሰነጠቃል። «የተገጠመልኝ ስክሪን ጥራት የለውም» ተብሎ ጠብ ይነሣል፤ ስክሪኑ ግን ጥፋት የለበትም። የስክሪን ዋጋ ጠይቃችሁ ጠጋኙ ማጠፊያውን ሳይነካ ዋጋ ከነገራችሁ፣ እባካችሁ ራሳችሁ ክዳኑን እየከፈታችሁ ጥጉን ተመልከቱ።

ማጠፊያው እንዴት እንደተጎዳ ደግሞ ውሳኔውን ራሱን ይለውጣል። የተነቀለው ከታችኛው ገላ፣ ከኪቦርዱ ሥር ከሆነ ኢፖክሲ ተብሎ በሚታወቀው፣ ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ በሚሠራው ማጣበቂያ ይመለሳል። የክዳኑ ጀርባ ራሱ ከተሰነጠቀና ሁለቱም ጎን ከተነቀለ ግን ሙሉ ክዳን መቀየር አለበት። ለእንዲህ ዓይነት ሞዴል ክዳን ብቻውን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ያን ጊዜ «ይቅርብሽ፣ ሌላ ግዢ» እላት ነበር። ፈታሁት። በግራ በኩል ሁለት ዳዶ ብቻ ነው የተነቀለው፣ እሱም ከታችኛው ገላ። ቀኙ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ጥገናው ገና ከጨዋታው አልወጣም።

ሌላው ምን እያለቀ ነው?

ሃርድ ዲስኩን በክሪስታልዲስክኢንፎ አየሁት። ነፃ ፕሮግራም ነው። ጤናውን በቀለም ይናገራል፤ ሰማያዊ ደህና፣ ቢጫ ማስጠንቀቂያ፣ ቀይ አደጋ። የእሷ ቢጫ ነበር። `Current Pending Sector Count` የሚለው መስመር ዜሮ አልነበረም። ይሄ ማለት ዲስኩ ማንበብ ያቃተውና ምን ላድርገው እያለ ያቆየው ቦታ አለ ማለት ነው። ዛሬ ይሠራል፤ ነገ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። የነጋዴ ሒሳብ በዚህ ላይ ማስቀመጥ ከስክሪን መሰበር ይብሳል። እውነቱን ለመናገር፣ ስክሪኑ ባይሰበር ኖሮ ይሄን ሳናየው ዲስኩ ይሞት ነበር።

ቀጥሎ ባትሪው። ዊንዶውስ ራሱ ሪፖርት ያወጣል። የኮማንድ መስኮት ተከፍቶ ይሄ ይጻፋል፦

```
powercfg /batteryreport
```

የተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ `battery-report.html` የሚል ፋይል ይቀመጣል። በብራውዘር ሲከፈት ሁለት ቁጥር ፈልጉ። `Design Capacity` ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም ነው፤ `Full Charge Capacity` ደግሞ አሁን የሚይዘው። የእሷ ሲሠራ 41,000 ገደማ ነበር፤ አሁን የሚይዘው 16,000 ገደማ ነው። ከግማሽ በታች ወርዷል። መብራት ሲጠፋ ግማሽ ሰዓት ይቆያል አለችኝ።

ግማሽ ሰዓት ትንሽ ይመስላል። ግን ባትሪው ለምን እንደሚፈለግ ማሰብ ጥሩ ነው። እሷ አውቶቡስ ውስጥ አትሠራም። ባትሪው የሚያስፈልጋት መብራት ድንገት ሲሄድ ፒችትሪ ክፍት ሆኖ እንዳይዘጋባት ነው፤ በዚያ መንገድ መረጃው ይበላሻል። ለዚህ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ አስቀምጦ ለመዝጋት አምስት ደቂቃም አይፈጅ። ስለዚህ ባትሪው ለጊዜው ከሒሳቡ ወጣ። ኪቦርዱ፣ ቻርጀሩ፣ ፋኑ ደህና ናቸው።

ከሁሉ ያከራከረን ዊንዶውሱ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚያቆም አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች በኩል፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው የሚቀበለው። `i5-7200U` በአንድ ትውልድ ቀረበት። ባለቤቷ ይሄን ሰምቶ ስለነበር «ያው ከአራት ወር በኋላ አይሠራም» ሲል ተከራከረ። ይሠራል። የሚቆመው ማሻሻያው እንጂ ማሽኑ አይደለም፤ ፒችትሪም እንደ ድሮው ይከፈታል። ግን ስጋቱ ባዶ አይደለም። እሷ ከየነጋዴው ፍላሽ የምትቀበል ሰው ናት፤ ቫይረስ የሚዞረውም በዚያው በፍላሽ ነው።

ገበያው

ባለቤቷ «ትንሽ ጨምረሽ አዲስ» ሲል በልቡ የያዘው የድሮውን ዋጋ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ ከለቀቀው በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ደግሞ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። ዋጋው የት እንደደረሰ መገመት አያቅትም። ከዚህ በታች ያሉት ያኔ እኛ ጠይቀን የተነገሩን ዋጋዎች ናቸው። ስታነቡት ተለውጠው ይሆናል፤ እርስ በርስ ያላቸውን ርቀት ግን ተመልከቱ።

አንድ ሱቅ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ላፕቶፕ በ45,000 ብር አሳየን። ባለቤቷ ደስ አለው። ፕሮሰሰሩን ሳነበው ሴሌሮን `N4020` ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ እሱም ቦርዱ ላይ የተበየደ፣ የማይጨመር። ይሄ ማሽን አዲስ ነው፤ ነገር ግን ከተሰበረው የእሷ ላፕቶፕ ይዘገያል። ኤክሴልና ፒችትሪ አንድ ላይ ሲከፈቱ ታየዋለች። ካርቶን አይቶ መግዛት እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። በእውነት ከእሷ ማሽን የሚሻል አዲስ ላፕቶፕ ከ75,000 ብር በላይ ነበር። እሱን ያኔ ማንም አላሰበውም።

ትክክለኛው ተፎካካሪ አዲስ አልነበረም። ያገለገለ፣ ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ያለው የቢሮ ላፕቶፕ ነበር። 14 ኢንች፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ ከሃርድ ዲስክ በብዙ የሚፈጥነው ኤስኤስዲ 256 ጊጋባይት፣ ዋጋው 34,000 ብር። ዊንዶውስ 11 ይቀበላል። ማጠፊያው ብረት ላይ የታሰረ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው። የተሰበረውን እንዳለ የሚገዛን አንድ ዕቃ በዕቃ የሚፈታ ልጅ 9,000 ብር እሰጣለሁ አለ። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የተሰበረ ላፕቶፕ ዋጋ አለው፤ ስለዚህ የመቀየሩ ትክክለኛ ወጪ 34,000 ሳይሆን 25,000 ብር ነው።

የጥገናውስ? ስክሪኑ ከአዲስ አበባ 7,500 ብር። ማጠፊያው ከነማጣበቂያውና ከእጅ ዋጋው 2,000 ብር፤ ዘመድ ስለሆነች እኔ የእጅ ዋጋ አልወሰድኩም፣ ለሒሳቡ ግን ማስገባት አለብን። በታመመው ሃርድ ዲስክ ቦታ የሚገባ ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ 4,500 ብር። ድምሩ 14,000 ብር። ባትሪም ይቀየር ቢባል ሌላ 4,500 ብር ተጨምሮ 18,500 ይሆናል።

14,000 ከ25,000 ያንሳል፤ ግን ሒሳቡ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ይሄን ያህል አላወራም ነበር። የወጣው ብር የት እንደሚገባም መታየት አለበት። ያን ላፕቶፕ ጤነኛ ሆኖ ቢሸጥ ያኔ 21,000 ብር አካባቢ ያወጣ ነበር። የተሰበረው 9,000 ነው። ስለዚህ ለስክሪንና ለማጠፊያ የወጣው 9,500 ብር ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ይቆያል፤ ነገ ስትሸጠው ይመለሳል። ኤስኤስዲውም አይጠፋም፤ ተነቅሎ ወደ ሌላ ማሽን ይገባል፣ ካልሆነም የዩኤስቢ ቤት ተገዝቶለት ባክአፕ መያዣ ይሆናል። ባትሪ ግን ይበላል። ዋጋውን የሚመልስ ገዢ የለም፤ ለሌላ ሞዴልም አይሆንም። እያለቀ ላለ ማሽን አዲስ ባትሪ የማልመክረው ለዚህ ነው።

ከወዲያ በኩል፣ ያገለገለው የቢሮ ላፕቶፕ ከየት እንደመጣ አናውቅም። የእሱም ባትሪ ሊደክም ይችላል፤ ዋስትናው ከሱቁ በር አያልፍም። የእሷን ላፕቶፕ ግን ፈትተን ውስጡን አይተነዋል። የማውቀው ሕመም ከማላውቀው ጤና ይሻለኛል።

ጊዜውም ወሳኝ ነበር። ብሩን አንድ ጊዜ ሰኔ ላይ ማውጣት ይከብዳታል። የግብር ሥራው አልፎ ደንበኞቿ ሲከፍሏት እጇ ይለቃል። ስለዚህ ውሳኔው «ይጠገን» ብቻ አልነበረም። ስክሪኑ፣ ማጠፊያውና ኤስኤስዲው ይሠሩ፤ ባትሪው ይቅር፤ ማሽኑ አንድ ዓመት ከምናምን ያገልግልና በጤናው ይሸጥ። ይሄን ከመጀመራችን በፊት አንድ ገደብ ተስማማን። ሲፈታ ሌላ ጉዳት ተገኝቶ ድምሩ 17,000 ካለፈ ጥገናው ይቆምና የቢሮው ላፕቶፕ ይገዛል። «ይሄን ያህል ካወጣሁማ…» እየተባለ ነው ከድጡ ወደ ማጡ የሚገባው።

ጥገናው

ስክሪን በላፕቶፑ ስም አይታዘዝም። አንድ ሞዴል ላፕቶፕ የተለያየ ፋብሪካ ስክሪን ይዞ ሊመጣ ይችላል። የድሮውን አውጥቶ ከጀርባው ያለውን ቁጥር ማንበብ ነው። የእሷ `NT156WHM-N42` ይላል። 15.6 ኢንች፣ 1366 በ768፣ መሰኪያው ባለ 30 እግር፣ ከላይና ከታች የብሎን ጆሮ ያለው ማለት ነው። በዕድሜ የገፉት ባለ 40 እግር ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ጆሮ የሌለው ቢመጣም መሰኪያው ይገባል፤ ግን ብሎን የሚታሰርበት የለውም። የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቼ ለአዲስ አበባው ነጋዴ ላክሁ።

ነጋዴው «በትንሽ ጭማሪ ፉል ኤችዲ ልላክልህ» አለ። አጓጊ ነው። ግን ለአነስተኛው ስክሪን የተሠራ ገመድ ብዙ ጊዜ ምስል የሚያሳልፍበት አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ፉል ኤችዲ ሁለት ይፈልጋል። ስክሪኑ ገብቶ ጨለማ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ከዚያ ገመድ ፍለጋ ይጀመራል። የነበረውን ላክ አልኩት። በአውቶቡስ ነው የሚመጣው፤ በጠንካራ ሰሌዳና በስፖንጅ መሃል ይታሸግ ብዬ አጥብቄ ነገርኩት። ደጀን እስኪደርስ የአባይ በረሃን መውረድና መውጣት አለ፤ የታችኛው ሻንጣ ክፍል ደግሞ ለመስታወት አይራራም።

እስኪመጣ ማጠፊያውን ሠራሁ። የተነቀሉትን ዳዶዎች ወደ ቦታቸው መልሼ፣ ፕላስቲኩን በአልኮል ጠርጌ፣ ማጣበቂያውን ዙሪያውን ሞላሁበት። ከመሙላቴ በፊት ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ በትንሽ ቅባት ደፈንኩ፤ ማጣበቂያው ጥርሱ ውስጥ ከገባ ሁለተኛ አይታሰርም። አንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ ደረቀ። በፍጥነት ይደርቃል የሚባለውን ዓይነት ለዚህ ሥራ አልወድም፤ ጉልበት የለውም። ከዚያ የማጠፊያውን ፍሬ በሩብ ዙር አላላሁት። ዋናው መድኃኒት ይሄ ነው። ማጠፊያው እንደ ጠነከረ ከቀረ ማጣበቂያውም ይነቀላል። ክዳኑ በራሱ እንዳይወድቅ፣ ግን ሲከፈት ታችኛው ገላ ከጠረጴዛው እንዳይነሣ፣ እዚያ መካከል ላይ ማቆም ነው።

ስክሪኑ ሲገባ የሚጠፋው ጥፋት አንድ ነው፤ ባትሪው ሳይነቀል መሰኪያውን መሰካት። ማሽኑ ቢጠፋም የስክሪኑን መብራት የሚመግበው መስመር ላይ ኃይል ሊኖር ይችላል። መሰኪያው ተንጋዶ ከገባ ቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ፊውዝ ትቃጠላለች። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል፣ የስልክ ባትሪ ሲያበሩበት ግን ምስሉ በደብዛዛው ይታያል። ስክሪኑ ደህና ነው፤ መብራቱ ነው የሌለው። አዲስ ስክሪን ገጥሞ እንዲህ ከሆነባችሁ «ስክሪኑ ተበላሽቶ መጣ» የሚለውን አትቀበሉ።

ፍሬሙን ከመዝጋቴና የስክሪኑን መከላከያ ላስቲክ ከመላጤ በፊት ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሙሉ ገጽ እያሳየሁ አየሁት። የሞተ ነጥብ የለም። ላስቲኩ ከተላጠ ነጋዴው አይመልስም።

ሃርድ ዲስኩን እንዳለ ወደ ኤስኤስዲ መገልበጥ አልተቻለም። ያልተነበበው ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጫነ፣ ፒችትሪም። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። የሚጫነው ፒችትሪ ከነበረው ሥሪት ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በአዲሱ የተሠራ ፋይል በአሮጌው አይከፈትም። እሷ መጫኛውን ፍላሽ ላይ አስቀምጣ ነበር። የ`.ptb` ፋይሎቹ ሁሉም ተመለሱ። የአንዱን ነጋዴ የሰኔ ሚዛን ከታተመው ወረቀት ጋር አስተያይታ ልክ ነው ካለች በኋላ ነው የድሮውን ዲስክ ያስቀመጥነው።

ከዚያ ወዲህ

ድምሩ 14,000 ላይ ቆመ፤ የአውቶቡሱ ጭነት ብቻ ተጨመረበት። ሐምሌንና ነሐሴን ሠራችበት። ለውጡን ያየችው በስክሪኑ ሳይሆን በኤስኤስዲው ነው። ድሮ ጠዋት አብርታው ቡና ታፈላ ነበር፤ አሁን ጀበናው ሳይጣድ ይከፈታል። «ይሄን ነገር ለምን ድሮ አልነገርከኝም?» ብላ ተቆጣችኝ።

ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የአንድ ዓመት ጭማሪ ማሻሻያ ሲፈቅድ እሷም ተመዘገበች። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የሴቲንግ ባክአፕን ማብራት ነው፤ ክፍያ አልተጠየቀችም። ጭማሪው ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያበቃል። የላፕቶፑ የመሸጫ ጊዜም በዚያው ተቆረጠ፤ ከመስከረም በፊት። ከዚያ በኋላ ገዢውም ስለ ዊንዶውሱ መጠየቅ ይጀምራል።

የሚተካው ማሽን ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን ብያታለሁ፤ ስትገዛም ክዳኑን በአንድ ጥግ ይዛ ትክፈተው። ኤስኤስዲው ባለ 2.5 ኢንቹ ነው፤ ስስ የሆኑት አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ቦታ የላቸውም። ቦታ ካለው ይገባል፤ ከሌለው የዩኤስቢ ቤት ገዝታ የ`.ptb` ፋይሎቹን ታኖርበታለች። ባለቤቷ አሁንም አዲስ ይገዛ ነው የሚለው። ለ75,000ው እየቆጠበ ከሆነ እኔ ተቃውሞ የለኝም።